ሠላሳ ገጽ በሃያ ደቂቃ

ዲፌንስ የደረሰበት የማስተርስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የውጤት ምዕራፉን ይከፍትና ሰንጠረዦቹን በተራ ወደ ፓወርፖይንት ይገለብጣል። ምዕራፉ 30 ገጽ፣ ሰንጠረዡ 10፣ የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው እንበል። ተማሪው ስድስተኛው ሰንጠረዥ ላይ እያለ ሰብሳቢው ሰዓት ያሳያል፤ ዋናው ግኝት ግን ዘጠነኛው ላይ ነው።

ለምሳሌ አንዲት ተማሪ በጤና ጣቢያ ክትትል በሚያደርጉ 422 ነፍሰ ጡሮች ላይ የደም ማነስን አጠናች እንበል። የእናቶቹ ዕድሜና ትምህርት በምዕራፉ አራት ገጽ ቢይዝም በመድረክ ላይ አንድ ስላይድና 40 ሴኮንድ ይበቃዋል። ስንቶቹ ደም አንሷቸዋል ለሚለው አንድ ደቂቃ ትስጥ። ከዚያ ረጋ ብላ አራት አምስት ደቂቃ የምትቆየው ትንተናው ጎልተው ባሳዩዋቸው ሦስት ጉዳዮች ላይ ነው። የቀሩት ሰንጠረዦች አይጣሉም፤ ከምስጋናው ስላይድ በኋላ ይሰለፋሉ። ጥያቄ ሲመጣ የስላይዱን ቁጥር ተይቦ Enter መጫን በቀጥታ እዚያ ያደርሳል።

ማስታወሻው ላይ ሙሉ ንግግር የጻፈ ሰው ያነበዋል፣ አንገቱም እንደተደፋ ይቀራል። እኔ የምመርጠው ለየስላይዱ ቁጥሩንና ትርጉሙን በሁለት ሐረግ፣ ወደሚቀጥለው ስላይድ የምታሻግረውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ግን ሙሉውን መጻፍ ነው፤ ምላስ የሚተሳሰረው እዚያ ላይ ነውና። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ Duplicate ላይ ከሆነ ማስታወሻው በፕሮጀክተሩ ሊታይ ስለሚችል አስቀድሞ በWindows + P ወደ Extend መቀየር ይገባል።

ወደ ፈታኞቹ እንምጣ። 422 የሚለውን ቁጥር ያየ ፈታኝ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

```
1.96² × 0.5 × 0.5 ÷ 0.05² ≈ 384
384 + 10% ≈ 422
```

ጥያቄው «50 በመቶውን ለምን ወሰድሽ?» ይሆናል። «ቀደም ያለ ጥናት ስለሌለ» የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ወጥመድ ነው፤ ስለ ነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ በኢትዮጵያ በርካታ ጥናቶች አሉ። የሚያስኬደው መልስ በዚህ ቀመር ትልቁን ናሙና የሚሰጠው 50 በመቶ መሆኑ ነው። ናሙናው በየደረጃው ከወረዳ፣ ከጤና ጣቢያ እየተመረጠ ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፤ «ዲዛይን ኢፌክቱስ?» መባሉ አይቀርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከራሷ ስላይድ ርዕስ ይነሳል። «የብረት እንክብል አለመውሰድ የደም ማነስን ያስከትላል» ብላ ከጻፈች፣ በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ መረጃ የቱ እንደቀደመ አያሳይም፤ እንክብሉን ያልወሰዱት ክትትል ዘግይተው የጀመሩት ሊሆኑም ይችላሉ። «ከደም ማነስ ጋር ተያይዟል» ብትል ጥያቄው ሳይነሳ ይቀራል።

ሦስተኛው ሰፊ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ነው። ኦድስ ሬሾው 3.2 ሆኖ ከ1.1 እስከ 9.4 ከተዘረጋ፣ ከአንዱ ምድብ የተገኙት እናቶች ጥቂት ሳይሆኑ አይቀሩም። የየምድቡን ቁጥር የያዘው ሰንጠረዥ ከኋላ ከተሰለፉት አንዱ መሆን አለበት፤ ፈታኙ ሲጠይቅ እሱን ከፍታ ቁጥሩ አነስተኛ መሆኑን ራሷ ትናገር።