በ30 ወይስ በ26?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልዩና አሳሳቢ ችግር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። ክርክሩ የሚነሳው ወር መጨረሻ ላይ፣ ሒሳብ ክፍሉ ሲቆርጥ ነው።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምትሠራ፣ ወር 15,600 ብር የምታገኝ የመጋዘን ሠራተኛ እንውሰድ። ቅዳሜና ሰኞ ያለ ደመወዝ ቀረች። ደመወዟ ለ30 ቢካፈል ቀኑ 520 ብር ይሆናል፤ መሐል ያለው እሑድም ስለሚቆጠር በሦስት ቀን 1,560 ይቆረጥባታል። በ26 የሥራ ቀን ከሆነ ቀኑ 600 ብር ነው፤ እሑድ ስለማይቆጠር የሚቆረጠው 1,200 ብቻ ነው። ሙሉ ሳምንት ብትቀር ግን ሁለቱ መንገዶች ይቀራረባሉ፦ 3,640 እና 3,600።

የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን በመሆኑ በ30 ማካፈል ብዙዎቻችንን አይከነክነንም። ችግሩ ሁለቱን መንገዶች ማደባለቅ ነው። ለ26 አካፍሎ እሑድን የሚቆጥር ሒሳብ ሠራተኛዋን 1,800 ብር ያስከፍላታል። ይህን ለመለየት ቀላሉ መፈተኛ ወሩን በሙሉ እንደቀረች ማሰብ ነው፤ ተቆራጩ ከደመወዙ ጋር እኩል መሆን አለበት። 600 ሲባዛ በ30 ግን 18,000 ይሆናል፤ ወር ሙሉ የቀረች ሴት 2,400 ብር ባለዕዳ ሆና ትገኛለች! በተቃራኒው ለ30 አካፍሎ የሥራ ቀን ብቻ የሚቆጥር ቀጣሪ፣ ላልተሠራ ወር 2,080 ብር ይከፍላል።