ባለ ደረጃ የክፍልፋይ መልመጃ ወረቀት፦ ተማሪን በነጥቡ ሳይሆን በስሕተቱ መመደብ

መግቢያ

ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኝ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተካተተ አካባቢ ነው። ከመዲናዋ ቤት ፍለጋ የወጡ ቤተሰቦች፣ ከገጠር የመጡ አዲስ ነዋሪዎችና የአካባቢው ነባር ገበሬዎች ልጆቻቸውን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይልካሉ። አንዱ ተማሪ በቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ሌላው አማርኛ ይናገራል። አንዱ በዓመቱ መጀመሪያ፣ ሌላው በመካከሉ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ የአምስተኛ ክፍል መምህር ስለ ክፍልፋይ ሲያስተምር ከፊቱ የሚቀመጡት ልጆች በዕድሜ ይቀራረቡ እንጂ በዕውቀት አይቀራረቡም።

ይህን ልዩነት ለማስታረቅ ከሚቀርቡት ዘዴዎች አንዱ ባለ ደረጃ የመልመጃ ወረቀት ነው። በዘዴው መሠረት የትምህርቱ ግብ ለሁሉም አንድ ሲሆን ወደ ግቡ የሚያደርሰው መንገድ ግን እንደ ተማሪው ይለያያል። አሜሪካዊቷ የትምህርት ምሁር ካሮል አን ቶምሊንሰን በሰፊው ያስተዋወቁት ይህ አሠራር በተግባር ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ይዛባል፤ ለደካማ ተማሪ አምስት ቀላል ጥያቄ፣ ለጎበዝ ሃያ ከባድ ጥያቄ መስጠት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ወረቀቶቹ ሊለያዩ የሚገባው በጥያቄ ብዛት ወይም በቁጥር ትልቅነት ሳይሆን በሚሰጡት ድጋፍ መጠን እንደሆነ፣ ተማሪውም ሊመደብ የሚገባው ባገኘው ነጥብ ሳይሆን በሠራው ስሕተት ዓይነት እንደሆነ ነው። ለማሳያ የተመረጠው ርእስ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው።

ነገሩ ከአንድ ምዕራፍ ያለፈ ክብደት አለው። ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በአሜሪካና በብሪታንያ ልጆች በአሥር ዓመታቸው አካባቢ ያላቸው የክፍልፋይ ዕውቀት፣ ከዓመታት በኋላ በሁለተኛ ደረጃ የሚኖራቸውን የአልጀብራና አጠቃላይ የሒሳብ ውጤት እንደሚያመለክት አሳይተዋል።

ነጥብ የሚሰውረው

ወረቀቶቹ ከመዘጋጀታቸው በፊት መምህሩ አጭር መለያ ጥያቄ ይሰጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ንዑስ ክፍል አለው፦ ከ1/3 እና ከ1/4 የትኛው ይበልጣል? ከ5/6 እና ከ7/8 የትኛው ይበልጣል? ወይስ እኩል ናቸው?

ሦስት ተማሪዎችን እናስብ። አንደኛው ክፍልፋይን እንደ ሁለት ተራ ቁጥሮች ያያል። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ 1/4 ይበልጣል ይላል፤ ስለዚህ ይሳሳታል። በዚያው አስተሳሰብ 7/8 ይበልጣል ሲል ግን ትክክል ይሆናል። ሁለተኛዋ በላዕልና በታህት መካከል ያለውን ልዩነት ትቆጥራለች። ከ1/3 ሁለት፣ ከ1/4 ሦስት ይጎድላል ብላ 1/3ን በትክክል ትመርጣለች፤ በሁለተኛው ግን ከሁለቱም አንድ አንድ ስለሚጎድል «እኩል ናቸው» ትላለች። ሦስተኛው «ታህት ሲያንስ ክፍልፋዩ ይበልጣል» የሚለውን ሕግ ብቻ ይዟል። 1/3ን በትክክል ይመርጣል፤ ቀጥሎም ላዕሉን ረስቶ 5/6 ይበልጣል ይላል።

ሦስቱም ከሁለት አንድ አግኝተዋል። በነጥብ መዝገብ ላይ አንድ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ክፍልፋይ አንድ መጠን መሆኑን ገና አልተረዳም። ሁለቱ ግን ግማሽ መንገድ ተጉዘዋል፤ የጎደለው አንድ ስድስተኛ ከጎደለው አንድ ስምንተኛ እንደሚበልጥ፣ ስለዚህም 7/8 ወደ ሙሉው ይበልጥ እንደሚቀርብ ማየት ብቻ ቀርቷቸዋል። በመሆኑም መምህሩ ትክክልና ስሕተት ከማለት ይልቅ ተማሪው የጻፈውን መልስ ራሱን መመዝገብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ 2/3 = ?/12 የሚል ነው። 8 ብሎ የመለሰ አቻ ክፍልፋይን ያውቃል። 11 ብሎ የመለሰ ተማሪ ግን በግምት አልጻፈም፤ ሦስት አሥራ ሁለት ለመሆን ዘጠኝ ተጨምሮበታል ብሎ በሁለቱም ላይ ዘጠኝ ደምሯል። ሦስተኛው ጥያቄ 1/2 + 1/3 ነው። እዚህ የሚጠበቀው ስሕተት ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 2/5 ማለት ነው።

ምደባው ከዚህ ይከተላል። በመጀመሪያው ጥያቄ 1/4ን የመረጠ ወይም በሁለተኛው 11 የጻፈ አንደኛውን ወረቀት ይወስዳል። በእነዚህ ያልተሰናከለ፣ ነገር ግን ድምሩን 2/5 ያለ ወይም 5/6ንና 7/8ን ያላወዳደረ ሁለተኛውን ይወስዳል። ሁሉንም የመለሰ ሦስተኛውን ይወስዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ድምሩን 5/6 ብሎ በትክክል የሠራ፣ ሲያወዳድር ግን የተሳሳተ ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ስሌቱን በቃሉ ይዟል እንጂ የክፍልፋይን መጠን አያይም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ወረቀት አይገባውም።

አንድ ማሳ፣ ሦስት ወረቀት

ሦስቱም ወረቀቶች በአንድ ታሪክ ይጀምራሉ፦ አንድ ገበሬ የማሳውን ግማሽ ጤፍ፣ ሲሶውን ሽምብራ ዘራ። ከማሳው ስንት እጁ ተዘራ?

በአንደኛው ወረቀት ማሳው በሁለት ዓምድና በሦስት ረድፍ፣ በስድስት እኩል ሣጥኖች ተከፍሎ ተሥሏል። ግማሹ ሦስት ሣጥን፣ ሲሶው ሁለት ሣጥን መሆኑን ተማሪው ቆጥሮ ያቀልማል፤ አምስት ስድስተኛ ያገኛል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ልጆች ግማሹን በዓምድ፣ ሲሶውን በረድፍ ካቀለሙ ሁለቱ አንድ ሣጥን ላይ ይደራረባሉ፤ መልሱም 4/6 ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ «በተዘራበት ሣጥን ላይ ሌላ አይዘራም» የሚል አንድ መስመር ሊኖረው ይገባል። ቀጣዩ ጥያቄ 1/2 + 1/4 ሲሆን ሥዕሉ አሁንም ተሰጥቷል። በመጨረሻው 1/3 + 1/4 ላይ ግን ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ አለ፤ በሦስትና በአራት ከፍሎ አሥራ ሁለት ሣጥን የሚያወጣው ተማሪው ነው። ድጋፉ እየሳሳ ካልሄደ ልጁ ሣጥን መቁጠርን እንጂ ክፍልፋይ መደመርን አይማርም።

በሁለተኛው ወረቀት ሥዕል የለም። በምትኩ የ1/2፣ የ1/3 እና የ1/4 አቻ ክፍልፋዮችን የሚያስጀምር ሰንጠረዥ አለ፤ ተማሪው ይሞላዋል፣ በሁለት ረድፎች ውስጥ የጋራ ታህት ይፈልጋል። ከማሳው ጥያቄ ቀጥሎ 2/3 + 1/4 እና 3/4 + 1/6 ይመጣሉ። የሁለቱም መልስ 11/12 ነው። በሁለተኛው ታህቶቹን አባዝቶ 24 የወሰደ ተማሪ 22/24 ያገኛል። ወረቀቱም «22/24 የጻፈው ጓደኛህ ተሳስቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ዓላማው ትንሹ የጋራ ታህት ሥራን የሚያቀል እንጂ ብቸኛው ትክክለኛ መንገድ አለመሆኑን ማሳየት ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ጥያቄውን ይገለብጣል። ከማሳው ቀጥሎ «ላዕላቸው 1 የሆነ፣ ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮች ተደምረው 1/4 እንዲሆኑ ፈልግ። ሌላስ አለ? ሁሉንም እንዳገኘህ በምን ታውቃለህ?» ይላል። መልሶቹ 1/5 + 1/20 እና 1/6 + 1/12 ናቸው። ጥያቄው ትልልቅ ቁጥር የለበትም፤ የጥንት ግብፃውያን የሒሳብ ጸሐፍት ሲጠበቡበት ከነበረው ዓይነት ግን ነው። ለጎበዝ ተማሪ 17/38 + 5/57 መስጠት ሥራውን ያረዝመዋል እንጂ አያጠልቀውም።

የክፍለ ጊዜው የመጨረሻ አሥር ደቂቃ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ «አንድ ተማሪ 1/2 + 1/3 = 2/5 አለ። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ታዲያ መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል?» ግማሽ ላይ ሌላ ተጨምሮ ከግማሽ ያነሰ እንደማይገኝ አንዱ በሥዕል፣ ሌላው በአሥረኛ ቀይሮ 4/10ን ከ5/10 ጋር በማነጻጸር ያስረዳል። ክፍሉ በሦስት ተከፍሎ ጀምሮ በአንድ ውይይት ይገናኛል።

ቋንቋ የሚያክለው ችግር

አማርኛ ለተለመዱት ክፍልፋዮች ግማሽ፣ ሲሶና ሩብ የሚሉ ስሞች አሉት። ስሞቹ ውብ ናቸው፤ ነገር ግን ታህታቸውን በግልጽ አያሰሙም። በሌላ በኩል «አምስተኛ» የሚለው ቃል በተራ የአምስትን ቦታ ያመለክታል፤ «አምስተኛ ክፍል» ሲባልም ልጁ የሚሰማው የሚማርበትን ክፍል ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ የፉሪ ልጅ ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ በአንደኛው ወረቀት ላይ 1/5 ባለበት ሁሉ «ከአምስት እኩል ክፍሎች አንዱ» ተብሎ ቢጻፍ ይመረጣል። ይህ ካልተደረገ የንባብ ችግር ያለበት ተማሪ ሒሳብ እንደማይችል ተቆጥሮ ይመደባል።

አፈጻጸምና ገደቡ

በአገራችን ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው ልክ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢሆንም ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ማባዣ በሌለበት ሦስቱን መልመጃዎች በሰሌዳው ሦስት ዓምዶች መጻፍ ይቻላል፤ ለአንደኛው ብቻ ሥዕል ያለበት ግማሽ ወረቀት ይታደላል። በትምህርት ቤቶቻችን የታወቀው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ጎበዙን ከሌሎች ጋር ያቀላቅላል፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን መልሱ ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው እንዲገለበጥ በር ይከፍታል። ስለዚህ በሥራው ሰዓት ተመሳሳይ ወረቀት የያዙ ሁለት ሁለት ሆነው ቢቀመጡ፣ በጋራው ጥያቄ ላይ ቢቀላቀሉ ይሻላል።

ምደባው መሳሳቱ በሦስት ምልክት ይታወቃል። ተማሪው በአምስት ደቂቃ ሁሉንም በትክክል ከጨረሰ ወረቀቱ ቀሎታል። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሥዕሉን ሳይነካ መምህሩን ከጠበቀ ከብዶታል። መልሱ ሁሉ ትክክል ሆኖ በጋራው ጥያቄ ላይ 2/5ን ከተቀበለ ደግሞ ስሌቱን ገልብጧል እንጂ አልተረዳም።

ትልቁ አደጋ ግን ደረጃው ስም ሆኖ መቅረቱ ነው። ወረቀቶቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ቢሰየሙ ወይም ቀለም ቢቀቡ ልጆች ትርጉሙን ወዲያው ይደርሱበታል፤ ስያሜ መቀየር ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ምደባው ለአንድ ርእስ ብቻ መሆኑ ነው። ዛሬ በመደመር ሥዕል ያስፈለጋት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አስርዮሽ ሲጀመር በአዲስ መለያ ጥያቄ እንደ አዲስ ትታያለች። መለያ ጥያቄው ሳይታደስ ያው ልጅ ያንኑ ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ ከተቀበለ መምህሩ የመደበው የልጁን ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ልጁን ራሱን ሆኗል።