ፖስቱን ማን ደበቀው?

ለዓመታት በፌስቡክ ሲዞር የኖረ አንድ መልእክት አለ። ፌስቡክ አንድ ሰው የሚለጥፈውን ለ25 ወይም ለ26 ጓደኞቹ ብቻ እንደሚያሳይ ይናገራል። ከዚያም አንባቢውን ቢያንስ ሰላምታ ጽፎ እንዲያልፍ፣ መልእክቱንም ሼር ሳያደርግ ኮፒ አድርጎ በራሱ ገጽ ላይ እንዲለጥፈው ይማጸናል። ወሬው ብዙ ከመስፋፋቱ የተነሳ ኩባንያው ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ገደብ እንደሌለ በይፋ አስታውቋል። መልእክቱ ግን አልሞተም።

ያልሞተው የሚሠራ ስለሚመስል ነው። በጥሪው ተገፋፍተው ኮመንት የጻፉ ሰዎች ከጸሐፊው ጋር አዲስ ግንኙነት ፈጥረዋል። ፌስቡክም ማን የማንን ጽሑፍ ማየት እንደሚፈልግ የሚገምተው በዋናነት ከዚህ ግንኙነት ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ እርስ በርስ ያስተያያቸዋል። «25ቱ» የተባለውን ገደብ የሰበረ የመሰለው ሰው በእውነቱ ያገኘው፣ አንድ ጓደኛ ኮመንት ሲጽፍ ሁልጊዜ የሚሆነውን ነው።

ሻዶ ባን የሚባለው ነገር ከዚህ ይለያል። አካውንቱ አይዘጋም፣ ባለቤቱም እንደ ወትሮው ይለጥፋል፤ የሚለጥፈው ግን ሳይነገረው ከፍለጋ ወይም ከሌሎች ሰዎች ገጽ ይሰወራል። ይህ ፈጠራ አይደለም። በሜይ 2021 በኢየሩሳሌም ግጭት በነበረበት ወቅት የአል አቅሳን ስም የያዘ ሃሽታግ በኢንስታግራም ፍለጋ እንዳይታይ ተደርጎ ነበር። ሜታ ቢኤስአር በተባለ ድርጅት ያስጠናውና በ2022 የወጣው ሪፖርት ምክንያቱን ዘርዝሯል። በውጭ ኮንትራት የሚሠራ አንድ ሠራተኛ ከአሜሪካ ግምጃ ቤት የእገዳ ዝርዝር ላይ የአንድ ታጣቂ ቡድን ስም ሲወስድ፣ በእስልምና ሦስተኛ ቅዱስ ስፍራ የሆነው መስጊድ የሚጠራበትን ስም ከታገዱ ሃሽታጎች ጋር ጨምሮታል። ትዊተርም ቢሆን በ2018 «ሻዶ ባን አናደርግም» ብሎ ነበር። በ2022 መጨረሻ የወጡ የውስጥ ሰነዶች ግን አንዳንድ አካውንቶች ከትሬንድ ወይም ከፍለጋ እንዳይወጡ ምልክት ይደረግባቸው እንደነበር አሳይተዋል።

እንግዲህ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ችግሩ ሪች በቀነሰ ቁጥር ሁሉ ይህ ስም መሰጠቱ ነው። ስሙ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ባለቤቱ እውነተኛውን ምክንያት መፈለግ ያቆማል።

ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ምክንያት ሴቲንግ ነው። በግል ፕሮፋይል ላይ ሲለጠፍ ፌስቡክ «ማን ይየው?» የሚለውን ምርጫ ካለፈው ጊዜ ያስታውሳል። አንድ ሰው የልጁን ልደት ፎቶ Friends በሚለው መርጦ ከለጠፈ፣ በማግስቱ ስለ ሥራው የሚጽፈው ረጅም ጽሑፍም ሳያውቀው ለጓደኞቹ ብቻ ይወጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ከቀኑ አጠገብ በምድር ሉል ፈንታ የሁለት ሰዎች ምስል ይታያል፣ ሌሎችም ጽሑፉን እንደ ልብ ሼር ማድረግ ያቅታቸዋል። «ሼር ማድረግ አልተቻለም» የሚል መልእክት በኢንቦክስ የደረሰው ሰው፣ ማን አገደኝ ከማለቱ በፊት ያችን ትንሽ ምስል መመልከት ይኖርበታል።

በንግድና በሚዲያ ገጾች ላይ ደግሞ የአገርና የዕድሜ ገደብ አለ። ገጹን የከፈተው ሰው ተመልካቹን ኢትዮጵያ ብቻ ካደረገው በጅዳና በዋሽንግተን ያሉ ተከታዮች ገጹን ጨርሶ ላያዩት ይችላሉ። የዕድሜ ገደብ ከተደረገ ደግሞ ወደ አካውንቱ ሳይገባ ሊንኩን የሚከፍት ሰው ባዶ ያጋጥመዋል። ገጹን ሌላ ሰው አቋቁሞ ለሌላ ካስረከበው እንዲህ ያለ ገደብ መኖሩን ማንም ሳያስታውስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ የአማርኛ ገጾችን ይነካል። «አሜን ሳትሉ አትለፉ»፣ «የምትወዱ ላይክ፣ የማትወዱ ኮመንት»፣ «ለአሥር ሰው ሼር አድርጉ» የሚሉ ጽሑፎችን ፌስቡክ የምላሽ ማጥመጃ ይላቸዋል። ከዲሴምበር 2017 ጀምሮም ስርጭታቸውን ሆን ብሎ እንደሚቀንስ በይፋ ተናግሯል። በዚህ መንገድ ደጋግሞ የሚጠቀም ገጽ ቅጣቱ ከአንዱ ጽሑፍ አልፎ ሌሎቹንም ይነካበታል። አሜን ማሰኘት የማንንም እምነት አይነካም፤ ኩባንያው የሚቃወመው ምላሽን እንደ ግዴታ መጠየቁን ነው። የጠፋ ልጅ ማፈላለግ፣ ለሕሙም መዋጮ መጠየቅ ወይም ምክር መሻት ከዚህ ደንብ ውጭ እንደሆነም በዚያው ጊዜ አስታውቋል። ልዩነቱን ያላወቀ የገጽ ባለቤት ግን ሪቹ በቀነሰ ቁጥር ይበልጥ «ሼር አድርጉ» እያለ ይጮኻል፤ የሚያድነው መስሎት ቅጣቱን በራሱ እጅ ያረዝማል።

ሪፖርትስ? በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሚዲያ ጠብ ውስጥ «ተባብረን ሪፖርት እናድርገው» የተለመደ ጥሪ ነው፤ ገጹ የተቀዛቀዘበት ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው። ሜታ የሪፖርቱ ብዛት ውሳኔውን እንደማይለውጥ፣ የሚታየው ጽሑፉ ደንብ መጣሱ እንደሆነ ይናገራል። አንድም ሆነ ሺህ ሪፖርት ጽሑፉን ወደ ምርመራ ሊያስገባው ይችላል፤ ቅጣቱን የሚያመጣው ግን ምርመራው ነው። የብዙ ሰው ሪፖርት ጉዳት የሚያደርሰው መርማሪው፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ሲሳሳት ወይም ጽሑፉ በእርግጥ ደንብ የጣሰ ሲሆን ነው።

ከሪፖርት ውጭ ጽሑፍን የሚይዝ ሌላ ዓይን እንዳለም አንድ የአማርኛ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። በ2021 ስለ ራያ ቆቦ የተጻፈ አንድ የፌስቡክ ጽሑፍን በመጀመሪያ የለየው የኩባንያው የአማርኛ አውቶማቲክ ሥርዓት ነበር። አማርኛ የሚያውቅ መርማሪ ጽሑፉን አነሳው፤ ጸሐፊው ይግባኝ ቢልም ሁለተኛው መርማሪ ውሳኔውን አጸና። ጉዳዩን የሜታ ቁጥጥር ቦርድ ሲመርጠው ኩባንያው «ተሳስተናል» ብሎ ጽሑፉን መለሰው። ቦርዱ በዲሴምበር 2021 ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ትክክል ነበር አለ። አንድ ጽሑፍ እንዲህ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ሲወርድ ከውጭ ለሚያይ ሰው የተቀናጀ ሴራ ይመስላል። እዚህ ላይ የታየው ግን መርማሪዎች፣ ኩባንያውና ቦርዱ ስለ አንድ ጽሑፍ አለመስማማታቸው ነው።

እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ምንም ካልተገኘ የሚቀረው ምክንያት ብዙ ሰው መስማት የማይፈልገው ነው። ፌስቡክ በ2014 እንዳብራራው አንድ ሰው አፑን በከፈተ ቁጥር በአማካይ 1,500 ጽሑፎች ሊታዩት ይጠብቁታል፤ ሥርዓቱ ከእነዚህ 300 ያህሉን ይመርጣል። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪም በ2021 ሲጽፍ፣ የጽሑፎች ቅደም ተከተል በጊዜ ብቻ በነበረበት ዘመን ሰዎች ከሚከተሏቸው አካውንቶች ፖስት 70 በመቶው ያመልጣቸው እንደነበር ገልጿል። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ከብዷል። ማርክ ዙከርበርግ በ2024 እንደተናገረው በፌስቡክ ፊድ ከሚታየው 30 በመቶ ያህሉ ተመልካቹ ከማይከተላቸው ገጾች የሚመጣ ነው። ተከታይ ማፍራት ጽሑፉ ለውድድር እንዲቀርብ ያደርገዋል እንጂ እንዲታይ ዋስትና አይሰጠውም።

ታዲያ ስውር ገደብን ከተራ መቀዛቀዝ በምን መለየት ይቻላል? ሁለት ገጾችን እናስብ። ሁለቱም 20,000 ተከታይ አላቸው፤ አንዱ ጽሑፍ 6,000 ሰው ይደርስ ነበር፣ አሁን 2,500 ሰው ብቻ ያየዋል። በድምሩ ብቻ ከታየ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉዳት ደርሶባቸዋል። የገጹ ስታቲስቲክስ ተከፍቶ ተመልካቾች ተከታይና ተከታይ ያልሆኑ ተብለው ሲከፈሉ ግን ታሪኩ ይለያያል።

በመጀመሪያው ገጽ ቀድሞ 2,400 ተከታይና 3,600 ሌላ ሰው ያየው ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታዮቹ 2,300 ሆነው ሲቀሩ ሌሎቹ ወደ 200 ወርደዋል። ተከታዮቹ ያያሉ፣ እንግዶች ግን ጠፍተዋል። ይህ ገጹ ለማያውቁት ሰዎች እንዳይጠቆም መደረጉን በጥብቅ ያመለክታል። ባለቤቱ Professional dashboard ውስጥ ገብቶ Page status የሚለውን መክፈት አለበት፤ በኢንስታግራም ተመሳሳዩ Account Status ይባላል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኢንስታግራም ለፕሮፌሽናል አካውንቶች፣ የለጠፉት ነገር ለማይከተሏቸው ሰዎች ሊጠቆም ይችል እንደሆነ በዚያ ያሳያል። ችግር የፈጠረው ጽሑፍ ከተዘረዘረ ማንሳት፣ ማስተካከል ወይም እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል።

በሁለተኛው ገጽ ሁለቱም ቁጥሮች በአራት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ፣ በተመሳሳይ መጠን ወርደዋል። Page status ላይ ምንም የለም። እዚህ ገደብ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ወሩን ወደኋላ ሄዶ የተለጠፈው ነገር ምን እንደነበረ፣ የትኛው ጽሑፍ ኮመንት እንዳገኘና የትኛው ባዶ እንደቀረ ማነጻጸር ይሻላል። ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ጀምሮ ያደገ ገጽ ሊንክና የተደጋገመ ፎቶ ብቻ ወደ መለጠፍ መዞሩ ይገኛል። የወረደው አንድ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ቀጣዮቹ እንደ ቀድሞው ከሄዱ ደግሞ ጉዳዩ ያ ጽሑፍ ነው።

በዚህ መካከል ሰዎች ለመድኃኒትነት የሚሞክሩት ነገር በአብዛኛው አይጠቅምም። ለሁለት ቀን ምንም አለመለጠፍ የተጣለ ገደብን አያነሳም። አካውንቱን ሰርዞ እንደገና መክፈት ደግሞ ተከታዮችን ያስጠፋል፤ ዋናው ምክንያት ካልተነካ ችግሩም ይከተላል።

ይህ ሁሉ ግን ኩባንያዎቹ በሚያሳዩት መጠን የሚሠራ መንገድ ነው፤ የማያሳዩት ነገር እንዳለ ደግሞ አንድ የአምስተርዳም ፍርድ ቤት አረጋግጧል። በኦክቶበር 2023 የኔዘርላንድስ የሕግ ተመራማሪ ዳኒ መኪች ኤክስ ላይ ስማቸው በፍለጋ እንደማይወጣ ሰዎች ነገሯቸው። ኩባንያውን ደጋግመው ቢጠይቁም በቂ መልስ አላገኙም። ከጊዜ በኋላ የታወቀው፣ አውቶማቲክ ሥርዓቱ ስለ አንድ የአውሮፓ ኅብረት የሕግ ረቂቅ ያጋሩትን ጽሑፍ በስህተት መያዙ ነበር። ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍሉ ተጠቃሚ በመሆናቸው ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2024 ውሉ ተጥሷል አለ፤ የፈረደላቸው ካሳ 1.87 ዩሮ ነው። ክብደቱ ያለው ግን በካሳው ላይ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ምክንያቱን በግልጽ አለመንገሩ የአውሮፓን የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ እንደሚጥስ ወስኗል።

ያ ሕግ በአንቀጽ 17 መድረኮች የአንድን ሰው ጽሑፍ ታይታ ሲቀንሱም ምክንያቱን እንዲገልጹ ያስገድዳል። ስለዚህ በስቶክሆልም ወይም በሮም ሆኖ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው፣ ስሙ ከፍለጋ ከጠፋ የጽሑፍ ማብራሪያ የመጠየቅ መብት አለው። ያንኑ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ የሚለጥፈው ወዳጁ በዚህ ሕግ ሊጠቀም አይችልም፤ ለእሱ ያለው መንገድ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ያዘጋጀው Page statusና የይግባኝ ቁልፍ ብቻ ነው።