ትርፍ የሚያሳይ አማካይ፣ የጎደለ ገንዘብ

ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ ላይ የሚሰላ ኢንዴክስ ነው። ኩባንያዎቹ የሚከፍሉት የትርፍ ድርሻ ተመልሶ አክሲዮን ይገዛበታል ተብሎ ሲሰላ፣ ኢንዴክሱ በአውሮፓውያኑ 2008 ዓ.ም. 37 በመቶ ወረደ። በ2009 26.46 በመቶ ወጣ፤ በ2010 ደግሞ 15.06 በመቶ ጨመረ። ሦስቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሦስት ያካፈለ ሰው 1.51 በመቶ ያገኛል። ስሌታዊ አማካይ የሚባለው ይህ ነው፤ ሲያዩት ትንሽም ቢሆን ትርፍ ነው።

ወደ ገንዘቡ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2008 መጀመሪያ የገባ 10,000 ዶላር በዓመቱ ማብቂያ 6,300 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 7,967፣ በሦስተኛው ደግሞ 9,167 ዶላር ደረሰ። ባለገንዘቡ ከ800 ዶላር በላይ ጎድሎበታል። ከመደመርም ከማካፈልም የተሳሳተ የለም፤ ስሌታዊው አማካይ የመለሰው ጥያቄ ሌላ ነው እንጂ።

ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሸጋገረው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። 37 በመቶው የተቀነሰው ከ10,000 ላይ ነው፤ 26.46 በመቶው የተጨመረው ግን በተረፈው 6,300 ላይ ብቻ ነው። 37 በመቶ ያጣ ገንዘብ ወደነበረበት ለመመለስ 37 ሳይሆን 58.7 በመቶ ማደግ ይኖርበታል። ጂኦሜትሪክ አማካይ ይህን መባዛት ይከተላል፦ 0.63 × 1.2646 × 1.1506 = 0.9167። የዚህ ሦስተኛ ዘር (ኪዩብ ሩት) 0.9714 ስለሆነ፣ አማካዩ በዓመት 2.86 በመቶ ኪሳራ ይሆናል። 10,000 ዶላር ሦስት ዓመት በተከታታይ በዚህ ልክ ቢቀንስ የሚደርሰው እዚያው 9,167 ላይ ነው።

በኤክሴል የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ በተደጋጋሚ ይሳሳታሉ። GEOMEAN የሚባለው ፎርሙላ መቶኛውን ራሱን አይቀበልም፤ ከቁጥሮቹ አንዱ እንኳ ከዜሮ በታች ከሆነ #NUM! ብሎ ይመልሳል። የሚሰጠው 0.63፣ 1.2646 እና 1.1506 ነው፤ ከውጤቱም ላይ 1 ይቀነሳል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው የትርፉ መዋዠቅ ነው። ገንዘቡ አንድ ዓመት 10 በመቶ ወጥቶ በሚቀጥለው 10 በመቶ ቢወርድ ስሌታዊው አማካይ ዜሮ ይሆናል፤ ከ100 ብር የሚተርፈው ግን 99 ነው። መዋዠቁ 20 በመቶ ከሆነ 96 ይተርፋል፤ 40 በመቶ ከሆነ 84። መውረዱ ቢቀድምም መውጣቱ ቢቀድም ውጤቱ ያው ነው። ልብ መባል ያለበት አካሄዱ ነው፦ መዋዠቁ እጥፍ ሲሆን ጉድለቱ አራት እጥፍ ሆኗል። ትርፉ በየዓመቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አማካዮች አንድ ይሆኑ ነበር። ጂኦሜትሪኩ ከስሌታዊው ያንሳል እንጂ በጭራሽ አይበልጥም።

የፋይናንስ ባለሙያዎች ይህን በአንድ አቋራጭ ስሌት ይገምቱታል፦ ከስሌታዊው አማካይ ላይ የቫሪያንሱ ግማሽ ይቀነሳል። ቫሪያንስ ማለት በየዓመቱ ያለው ትርፍ ከአማካዩ የራቀበት መጠን በራሱ ተባዝቶ አማካዩ ሲወሰድ ነው። በ2011 የተገኘው 2.11 እና በ2012 የተገኘው 16 በመቶ ተጨምረው አምስቱ ዓመታት ሲታዩ፣ ስሌታዊው አማካይ 4.53 በመቶ፣ የቫሪያንሱ ግማሽ ደግሞ 2.45 በመቶ ይሆናል። ግምቱ እንግዲህ 2.08 በመቶ ነው፤ ትክክለኛው ጂኦሜትሪክ አማካይ ግን 1.66። አቋራጩ ለመለስተኛ መዋዠቅ ጥሩ ነው፤ እንደ 2008 ያለ ከባድ ውድቀት ሲገባበት ጉዳቱን አሳንሶ ያሳያል።

ስሌታዊው አማካይ ግን የሚጣል አይደለም። ያለፉት ዓመታት ለመጪው ዓመት ናሙና ይሆናሉ ተብሎ ከታሰበ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ለሚደረግ ግምት ተገቢው እሱ ነው። ያለፈው ገንዘብ የት እንደደረሰ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ ጂኦሜትሪኩ ጋ ነው። በአሜሪካ የጋራ ፈንዶች ለገዢ በሚያቀርቡት ሰነድ ላይ የ1፣ የ5 እና የ10 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ትርፋቸውን በዚህ መንገድ አስልተው እንዲያሳዩ የሚገደዱትም ለዚህ ነው።

ጂኦሜትሪኩም ቢሆን የሚናገረው አንዴ ገብቶ ሳይነካ ስለተቀመጠ ገንዘብ ነው። ከደመወዙ እየተቆረጠ በ401(k) የጡረታ ሒሳብ ለሚያጠራቅም ሰው ቁጥሩ በቀጥታ አይገጥምም። በሦስቱ ዓመታት በእያንዳንዱ መጀመሪያ 10,000 ዶላር ያስገባ ሰው ሁለቱን ክፍያዎች የፈጸመው ገበያው ከወደቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያው 10,000 ወደ 9,167 ሲወርድ፣ ሁለተኛው 14,550፣ ሦስተኛው 11,506 ይሆናል። በዚያው ጂኦሜትሪክ አማካዩ ኪሳራ በሚያሳይበት ጊዜ፣ የዚህ ሰው 30,000 ዶላር 35,223 ሆኗል።