ውሃው ቦይ ሲቀድ

ባሬስታው 18 ግራም የተፈጨ ቡና መዘነ፣ ጠቀጠቀ፣ እጀታውን ማሽኑ ላይ አጠበቀና ቁልፉን ተጫነ። ያሰበው 36 ግራም ኤስፕሬሶ በ28 ሰከንድ ገደማ እንዲወርድለት ነበር። በ16 ሰከንድ አለቀ። ሲቀምሰው መጀመሪያ ምላስ ላይ ይኮመጥጣል፣ ወዲያው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይመራል። እንዲህ ያለ ጠዋት ያልገጠመው ባሬስታ ጥቂት ነው።

የሙያው ሰዎች ይህን «ቻነሊንግ» ይሉታል፤ ውሃ ቦይ ቀደደ እንደ ማለት ነው። ማሽኑ ውሃውን በ9 ባር ገደማ ግፊት ቡናው ላይ ይለቀዋል። ውሃውም ላላ ያለ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ካገኘ ሌላውን ትቶ በዚያ ይሮጣል፤ ሲሮጥም ደቃቁን እየጠረገ መንገዱን ያሰፋል። የክረምት ጎርፍ ተዳፋት ማሳ ላይ የሚሠራውን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ቦዩ ዳር ያለው ቡና ከልክ በላይ ታጥቦ ምሬቱን ይሰጣል፤ ከቦዩ የራቀው ግን ውሃ በቅጡ ሳያልፍበት ይቀርና ኮምጣጣውን ብቻ ያወጣል። ሁለቱ አንድ ሲኒ ውስጥ ይገናኛሉ። ማኪያቶ ቢሆን ኖሮ ወተቱና ስኳሩ ጉዱን ይሸፍኑት ነበር፤ ጥቁሩን የሚጠጣ ደንበኛ ግን ያውቀዋል።

ባሬስታው ያደረገው ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው፤ ቶሎ ከወረደ አፈጫጨቱ ሸካራ ነው ብሎ ወፍጮውን አደቀቀው። ሁለተኛው በ19 ሰከንድ ወረደ፣ ጣዕሙም ባሰበት። የደቀቀ ቡና በቀላሉ ይጓጉላል። ደኅናው ክፍል ይበልጥ ሲጠብቅ ደግሞ ደካማው ቦታ ለውሃው ይበልጥ የሚመች መንገድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ማተር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናትም ቡና ከተወሰነ ልክ በላይ ሲደቅ፣ ውሃው እኩል ስለማይፈስ፣ ከቡናው የሚወጣው ነገር እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ነገሩን በዓይን ለማየት ከሥሩ ክፍት የሆነ፣ ማፍሰሻ አፍ የሌለው እጀታ ያስፈልጋል። ከሥር የሚያዩበት ትንሽ መስታወት ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። ደኅና ሲሆን ጥቁር ጠብታዎች በወንፊቱ ሥር በሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ መሐል ላይ ተሰብስበው እንደ አንድ ክር ይወርዳሉ። ቦይ ከተቀደደ ግን እንደ መርፌ የቀጠነ ፍንጥቅታ ወደ ጎን ይተፋል፤ ወይም አንዱ ጥግ ገና በጊዜ ይገረጣል፣ ሌላው እንደ ደረቀ ይቆያል። ብዙዎች የተጣለውን ቡና ገልብጠው ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ይህ ብዙም አያስተማምንም፤ ግፊቱ ሲለቀቅ የቡናው ገጽ ስለሚረበሽ ያለ ቦይም ጉድጓድ ሊታይ፣ ቦይ ኖሮም ገጹ ለስላሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መድኃኒቱ ከመጠቅጠቅ በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው ጆን ዌይስ ቤት ውስጥ የሚጓጉልበትን ቡና በቀጭን መርፌ መበተን ጀመረ፤ ዘዴው ዛሬም በስሙ ይጠራል። መርፌዎቹ ከግማሽ ሚሊሜትር ቢቀጥኑ ይመረጣል፣ ወፍራም ከሆኑ ራሳቸው ትልም ይተዋሉ። ከሥር ጀምሮ እያዞሩ ጉጉሉን መፍታት፣ ወደ ላይ እየመጡ ገጹን ማስተካከል፣ ከዚያ እጀታውን አንዴ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጎ መምታት ነው።

መጠቅጠቅ ላይ ሰው የሚጨነቀው ስለ ጉልበቱ ነው። 58 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ወንፊት ላይ 9 ባር ግፊት የሚያሳርፈው ኃይል 240 ኪሎ ገደማ ክብደት ከላይ እንደመጫን ነው፤ ክንድ የሚጨምረው 15 ኪሎ ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው። ቡናው መግባት እስኪያቆም መጫን ይበቃል። የሚያበላሸው ማዘንበል ነው። መጠቅጠቂያው በአንድ በኩል ከተጋደመ ቡናው በአንድ ጎን ቀጭን ይሆናል፣ ውሃውም ያንን ቀጭን ጎን ይመርጣል። ከጠቀጠቁ በኋላ ዳሩ ላይ የቀረውን ቡና ለማራገፍ እጀታውን በጎን መምታትም መጥፎ ልማድ ነው፤ ቡናው ከወንፊቱ ግድግዳ ይላቀቅና ለውሃው ዳር ዳሩን መንገድ ይከፍትለታል።

ባሬስታው ወፍጮውን ወደ ቀድሞ ልኩ መለሰ፣ ቡናውን በመርፌ በተነ፣ ክርኑን ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ ጫነ። ሦስተኛው በ27 ሰከንድ ወረደ፤ ምሬቱም ኮምጣጣነቱም ለዝቦ ጣፋጩ ብቅ አለ። ግን በስተግራ በኩል ትንሽ የገረጣ ነጥብ አሁንም ነበረች፤ አራተኛውም ላይ እዚያው ቦታ ተደገመች። አሠራሩ ተስተካክሎም ጥፋቱ ከአንድ ቦታ ካልተነቃነቀ ተጠርጣሪው ቡናው አይደለም። ባሬስታው ማሽኑን አጠፋ፣ እስኪበርድ ጠብቆ ውሃ የሚረጨውን ወንፊት በጠመንጃ መፍቻ ፈታው፤ ግራው በኩል ያሉት ቀዳዳዎች በደረቀ የቡና ቅባት ተደፍነው ነበር።