«ሃይፖአለርጀኒክ» ሲባል ማን አረጋግጦ ነው?

በፊት ክሬም ማሸጊያ ላይ ከሚጻፉት ቃላት ቆዳው ቶሎ የሚቆጣበት ሰው ይበልጥ የሚተማመንበት «ሃይፖአለርጀኒክ» የሚለውን ነው። አለርጂ የማስነሣት ዕድሉ ያነሰ ነው ለማለት ነው። ከየትኛው ክሬም ያነሰ እንደሆነ ግን ማሸጊያው አይናገርም።

አሜሪካ ይህን በሕግ ለማስያዝ ሞክራ ነበር። በፈረንጆቹ 1975 የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ቃሉን የሚጠቀም አምራች ምርቱ ከተፎካካሪዎቹ ያነሰ አለርጂ እንደሚያስነሣ በሰዎች ላይ ሞክሮ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። አልሜይ እና ክሊኒክ የተባሉት የመዋቢያ አምራቾች ደንቡን ተቃውመው ተከራከሩ፤ በ1977 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ዛሬም በአሜሪካ ቃሉን ለመጻፍ አስቀድሞ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ አይደለም።

«በቆዳ ሐኪም የተፈተነ» የሚለው ብዙ ጊዜ ከጀርባው እውነተኛ ሙከራ አለው። በተለመደው መንገድ ምርቱ በትንሽ ፕላስተር ተደርጎ ፈቃደኞች ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ይህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ ቆዳው ሁለት ሳምንት ያህል ያርፍና ምርቱ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ይለጠፋል። በዚህ ጊዜ ቦታው ቢቀላና ቢያብጥ ሰውነት ምርቱን መቃወም ጀምሯል ማለት ነው። ችግሩ ስንት ሰው እንደተሞከረና ምን እንደተገኘ ማሸጊያው ላይ አለመጻፉ ነው። ተፈተነ ማለት ፈተናውን አለፈ ማለት አይደለም።

«ኖን-ኮሜዶጀኒክ» ማለት ቀዳዳ ደፍኖ ብጉር አያወጣም ማለት ነው። ለዚህ መነሻ የሆነው የቆየ ሙከራ ግን በጥንቸል ጆሮ ላይ የተደረገ ነው፤ የጥንቸል ጆሮ ደግሞ ከሰው ፊት ይልቅ በቀላሉ ይደፈናል። ለብቻው ሲሞከር ቀዳዳ የሚደፍን ዘይት በክሬም ውስጥ በትንሹ ሲገባ ምንም ላያደርግ ይችላል። ስለዚህ በይነመረብ ላይ ለየዘይቱ የሚሰጠውን ነጥብ እያዩ ክሬም መጣል አያዋጣም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሰዎች የዋህ ነው ብለው ስለሚወስዱት። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ከላቬንደር ዘይት የሚገኘው ሊናሎል የተባለው ሽታ ሰጪም አየር ሲያገኘው ወደ አለርጂ አስነሺነት ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ሊናሎልን የመሳሰሉ ሽታ ሰጪዎች ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ በስማቸው እንዲጻፉ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሽቶ የማይስማማው ሰው የፊት ለፊቱን ትቶ ከጀርባ በደቃቁ የተጻፈውን ዝርዝር ያንብብ።

አዲስ ክሬም ፊት ከመነካቱ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በቀን ሁለቴ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይቀባ። አለርጂ ዘግይቶ ስለሚመጣ አንድ ቀን አይበቃም። ቦታው ካሳከከ ወይም ከቀላ ክሬሙ ይቅር። ይህ ሙከራ ግን ብጉርን አይናገርም፤ የተደፈነ ቀዳዳ ብጉር ሆኖ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ እሱም ፊት ላይ እንጂ ክንድ ላይ አይታይም።