የቃር ጸጥታና የባሬት ለውጥ

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ በር የሚያገለግል የጡንቻ ቀለበት አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፤ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ይህ ቀለበት ሲላላ፣ ወይም የጨጓራው ጫፍ ወደ ደረት ሲሾልክ፣ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ደረትን ያቃጥላል፤ ቃር የሚባለው ይህ ነው። አልፎ አልፎ ቢከሰት የሚያሳስብ አይደለም። ለዓመታት ሲመላለስ ግን አሲዱና አንዳንዴም አብሮት የሚወጣው ሐሞት የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ያቆስሉታል።

ጤናማው ሽፋን ከተደራረቡ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ በኢንዶስኮፒ ሲታይ ነጣ ይላል። በአንዳንድ ሰዎች ግን ቁስሉ ሲድን የሚተካው የቀድሞው ሽፋን ሳይሆን የአንጀትን ሽፋን የሚመስል፣ ቀላ ያለና ንፍጥ የሚያመነጩ ሕዋሳት ያሉበት ነው። ለውጡ ስሙን ያገኘው በ1950 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ከጻፈው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኖርማን ባሬት ነው። ባሬት በመጀመሪያ ያየው ወደ ደረት የተሳበ ጨጓራ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን የምግብ ቧንቧው ራሱ መሆኑን ተቀበለ።

አዲሱ ሽፋን አሲድን ከቀድሞው በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ ለውጡ ሲመጣ ቃሩ ሊቀንስ ይችላል፤ ታማሚውም የዳነ ይመስለዋል። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶችም አሲዱን ይቀንሳሉ እንጂ የተለወጠውን ሽፋን ወደ ቀድሞው ይመልሳሉ ተብሎ አይታመንባቸውም። ክትትል የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፦ ስሜቱ ስለ ሕዋሱ አይናገርም።

ባሬት አዴኖካርሲኖማ ለሚባለው የምግብ ቧንቧ ካንሰር መነሻ ይሆናል። ሆኖም ሕዋሳቱ ገና ካልተዛቡ በዓመት ውስጥ ወደ ካንሰር የሚደርሰው ከ200 ታማሚዎች አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታወቀው የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአመዛኙ ከጠፍጣፋዎቹ ሕዋሳት የሚነሳ ሌላ ዓይነት ነው፤ መንገዱም በባሬት በኩል አያልፍም። ሁለቱን አለመቀላቀል ያስፈልጋል።

ክትትሉ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የ58 ዓመት ወንድ ለ15 ዓመት ቃር አለበት፤ ሲጋራም ያጨሳል፤ ቦርጩም ወጥቷል። ዕድሜው፣ ጾታው፣ ሲጋራውና ውፍረቱ ተደምረው ኢንዶስኮፒ እንዲታዘዝለት በቂ ናቸው። በምርመራው የጨጓራው እጥፋት የሚጀምረው ከፊት ጥርሱ 40 ሴንቲሜትር ላይ ሆኖ ተገኘ። ቀዩ ሽፋን ዙሪያውን እስከ 38 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ አንድ እንደ ምላስ የሾለ ክፍል ደግሞ እስከ 35 ሴንቲሜትር ይወጣል። ስለዚህ ዙሪያው 2፣ ርዝመቱ 5 ሴንቲሜትር ተብሎ በፕራግ መለኪያ ይመዘገባል። የቀዩ ሽፋን ርዝመት ከአንድ ሴንቲሜትር በታች ቢሆን ኖሮ ባሬት አይባልም ነበር።

ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር አንድ ደቂቃ ያህል ወስዶ ሽፋኑን በዝግታ ያያል። እብጠት ወይም ጉድጓድ ካየ በቅድሚያ ከዚያ ለብቻው ናሙና ይወስዳል። ቀጥሎ በየ2 ሴንቲሜትሩ ከአራቱም አቅጣጫ ናሙና ያነሳል፤ ለዚህ ሰው 12 ያህል ቁራጭ ማለት ነው። ብዙ ቢመስልም የተዛቡ ሕዋሳት በጥቃቅን ቦታ ተበታትነው ስለሚደበቁ ከዚህ ያነሰ ናሙና የሚያረጋጋው በከንቱ ነው። ሽፋኑ በቁስለት የቀላ ከሆነ ደግሞ የተቆጣ ሕዋስ የተዛባ መስሎ ያሳስታል። ስለዚህ ቁስለቱ ለሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ በመድኃኒት ታክሞ ምርመራው ይደገማል።

ናሙናው የአንጀት ዓይነት ሽፋን እንጂ መዛባት ካላሳየ ይህ ሰው በ3 ዓመት ይመለሳል፤ ርዝመቱ ከ3 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ ሰው ግን 5 ዓመት ይበቃል። ፓቶሎጂስቱ መወሰን ካልቻለ የአሲድ መድኃኒቱ ተጠናክሮ በ6 ወር ውስጥ እንደገና ይታያል። ዝቅተኛ መዛባት ከተባለ ሁለተኛ ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት ስላይዱን ማየት አለበት፤ በዚህ ደረጃ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ሁለተኛውም ካረጋገጠ ሽፋኑ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ይቃጠላል፤ ወይም በ6 ወርና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታያል። ከፍተኛ መዛባት ሲረጋገጥ ግን መጠበቅ የለም። የሚታየው እብጠት በኢንዶስኮፒ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ሽፋን ይቃጠላል። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ቧንቧውን ሙሉ ከሚያስወግድ ቀዶ ጥገና ይድናል። ሽፋኑ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል ከዚያ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል።

ካንሰር ቢገኝ ሕክምናውን የማይችል አቅመ ደካማ ወይም በሌላ ከባድ ሕመም የተያዘ ሰው ክትትሉን ቢያቆም ተገቢ ነው። ሌላው ግን እንጀራው ሲወርድ የሚያንቀው ከሆነ፣ ክብደቱ ያለምክንያት ከቀነሰ ወይም ሰገራው ከጠቆረ፣ ያለፈው ውጤት ጥሩ ቢሆንም የሦስት ዓመቱን ቀጠሮ ሳይጠብቅ መታየት አለበት።